ከኮርኒሱ በላይ ማን አለ?

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ ውስጥ ባለ አንድ ግቢ፣ የካቲት ወር ሊያልቅ ሲል ጭቅጭቅ ተነሣ። የስድስት ወር ሕፃን ያላቸው ወጣት ተከራዮች፣ ባልና ሚስት፣ «ሌሊት ሌሊት ኮርኒሱ ላይ ሰው የሚሄድ ይመስለናል» ብለው ለአከራያቸው ነገሩ። አከራይዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። እማማ ብዙም ሳይጨነቁ «አይጥ ይሆናል፤ ድመት አምጡ» አሉ። ድመት ከጎረቤት በውሰት መጣች። ሁለት ሌሊት ኮርኒሱን አንጋጣ እያየች አደረችና በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከዚያ ሽታው ተከተለ። ከሕፃኑ አልጋ በላይ፣ ነጩ የችፑድ ኮርኒስ ላይ የሰሐን ስፋት ያለው ቡናማ እድፍ ወጣ። እናትየዋ አልጋውን ወደ ሌላኛው ጥግ ጎተተችና ለባሏ «ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኛ እንውጣ» አለችው። የቤት ኪራይ እንዲህ በናረበት ከተማ «እንውጣ» ማለት ቀላል ቃል አይደለም። እማማም ቢሆኑ የጡረታቸው መደጎሚያ ያቺ ኪራይ ናት። አንድ ያልታየ እንስሳ ሁለት ቤተሰብ ሊያፈርስ ደረሰ።

መፍትሔውን ይዘው የመጡት ከአጥር ማዶ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩ። በወረቀት የተጠቀለለ የአይጥ መርዝ አመጡ። «ከሥጋ ጋር ለውሳችሁ ጣሪያው ላይ ወርውሩለት፤ በሳምንቱ አትሰሙትም» አሉ። እማማ መርዙን ተቀብለው ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀመጡት። ከመጠቀማቸው በፊት ግን የእንስሳት ሐኪም ለሆነው የእህታቸው ልጅ ደወሉ። ነገሩን ሁሉ ያዳነው ያ ስልክ ነው።

የእህታቸው ልጅ መጀመሪያ የጠየቀው «ምን ይመስላል?» ብሎ አልነበረም። «አክስቴ፣ በስንት ሰዓት ነው የሚሰማው?» ነበር ያለው።

ኮርኒስ ውስጥ ያለን እንስሳ ለመለየት ከዓይን ይልቅ ሰዓት ይጠቅማል። ተከራዩ ለሦስት ሌሊት በደብተር እንዲመዘግብ ተነገረው። ምዝገባው የሦስቱንም ቀን ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ቀን ቀን ጸጥታ ነው። ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ልክ እንደጨለመ፣ ከባድ ግን ለስላሳ እርምጃ ከመካከል ወደ ግድግዳው ጠርዝ ይሄዳል፤ ከዚያ ቆርቆሮው አንድ ጊዜ ድው ይላል። ሌሊት ስድስት ሰዓት አካባቢ ይመለሳል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይወጣል። ሊነጋጋ ሲል፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ይገባል።

አይጥ እንዲህ አይደለም። አይጥ በሌሊቱ ውስጥ በተደጋጋሚ ይንጫጫል፣ ይቧጭራል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንጨት ይከረክራል። የመከርከም ድምፅ ከሰማችሁ ያለው አይጥ ነው፤ ሥጋ በሊ እንስሳ ጣውላ ላይ ጥርሱን አይስልም። ቀን በፀሐይ የሚሯሯጥ ከሆነ ደግሞ ወፍ ወይም ቀን የሚንቀሳቀስ የሙጭልጭላ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ልክ ሲጨልም ወጥቶ ሳይነጋ የሚገባ፣ ከድመት ቀለል ከአይጥ ከበድ ያለ እርምጃ ያለው፣ ጣሪያ ላይ ዘሎ የሚወጣ እንግዳ በአዲስ አበባ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ሸለምጥማጥ።

ብዙ ሰው ሸለምጥማጥን ጥርኝ ይለዋል። ጥርኝ ዝባድ የሚወጣለት፣ ከዐሥር ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ ትልቅ እንስሳ ነው። ኮርኒስ ላይ ቢወጣ ችፑዱን ይዞ ሕፃኑ ላይ ይወርድ ነበር። ሸለምጥማጥ ግን ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። ቀጭንና ረዥም ነው፤ ግራጫ ገላው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የገላውን ያህል በሚረዝም ጭራው ላይ ደግሞ ጥቁር ቀለበቶች አሉት። ዛፍ ላይ እንደ ድመት ይወጣል፤ ጭንቅላቱ የገባበት ቀዳዳ ሁሉ ቀሪ ገላውን ያስገባዋል። ጭቃ ቤት ላይ የተመታ ቆርቆሮ ለእሱ በሩ ክፍት የሆነ ቤት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሽታው ነበር። «የበሰበሰ ነገር ይሸታል ወይስ የእንስሳ?» አለ ልጁ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የሞተ አይጥ ሽታ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይብሳል፣ ትልልቅ ዝንብ ይጠራል፣ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። የአይጥ ሽንት ዓይን የሚያቃጥል፣ የታፈነ መጋዘን ሽታ አለው። የሸለምጥማጥ ግን ከባድ፣ ቅባት ያለበት፣ አፍንጫ ላይ የሚጣበቅ ጠረን ነው፤ ሳምንት ቢቆይ አይቀንስም። እንስሳው ከጭራው ሥር ባለ እጢ ክልሉን ያሸታል። ሌላም ልማድ አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚጸዳዳው አንድ ቦታ ነው። ለዚህ ከፍ ያለ ቦታ ይመርጣል፤ ጫካ ውስጥ ቋጥኝ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ከተማ ውስጥ ጣሪያ። የሕፃኑ አልጋ በላይ ያለው እድፍ በየቦታው ያልተበተነው፣ አንድ ላይ ተከማችቶ የሰፋው ለዚህ ነው።

ተከራዩ በቀን የኮርኒሱን ክዳን ከፍቶ በስልኩ መብራት ሲያይ የተባለውን አገኘ። ከእድፉ በላይ የጣት ውፍረት ያለው፣ የተጠማዘዘ፣ ጠጉርና የአይጥ አጥንት የተቀላቀለበት ኩስ ተከምሯል። ቆርቆሮው ከግድግዳው በሚገናኝበት ጥግ፣ የአቮካዶው ቅርንጫፍ ጣሪያውን በሚነካበት በኩል፣ የቡጢ ስፋት ያለው ክፍተት አለ። የክፍተቱ ጠርዝ ከመተሻሸት ብዛት ጠቁሮ ወዝቷል፤ ሚስማሩ ላይ ግራጫ ጠጉር ተሰክቷል። በሩ ተገኘ።

እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ የተሠራው። ስሕተቱ ከመርዙ በምንም አይሻልም፤ በበጎ ሐሳብ የተሠራ መሆኑ ብቻ ነው የሚለየው።

ተከራዩ በዚያው ቀን አናጢ ጠራ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ እንስሳው ምሽት ሲወጣ ጠብቆ ቀዳዳውን መምታት። ማንም አይሞትም፣ ማንም አይጎዳም። አናጢው ሁለት ሰዓት ላይ መሰላሉን አቁሞ ቁራጭ ቆርቆሮ በሚስማር መታበት። ቤተሰቡ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በጊዜ ተኛ።

ስድስት ሰዓት ላይ ጣሪያው ተናወጠ። አንድ ነገር ከውጭ ቆርቆሮውን ይቧጭራል፣ ይጎትታል፣ ዞሮ በሌላ በኩል ይሞክራል። እስኪነጋ አላቆመም። ንጋት ላይ ጸጥ ሲል ደግሞ ከውስጥ፣ ከኮርኒሱ መካከል፣ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። የድመት ግልገል ይመስላል። የሕፃኑ እናት ቀድማ የገባት እሷ ናት። «ልጆች አሏት» አለች።

እማማ እንደገና ደወሉ። የእህታቸው ልጅ ሳያስጨርሳቸው «አሁኑኑ ክፈቱት» አለ።

ሸለምጥማጥ ሰባ ቀን ያህል አርግዛ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ግልገል ትወልዳለች። ግልገሎቹ ሲወለዱ ዓይናቸው ዝግ ነው፤ ለሳምንታት በወተት ብቻ ይኖራሉ። ከእናታቸው ጋር ለአደን መውጣት የሚጀምሩት ሁለት ወር ካለፋቸው በኋላ ነው። እናትየዋን ውጭ አድርጎ ቀዳዳውን መዝጋት ማለት እነሱን ውስጥ በረኃብ መግደል ነው። ጭካኔው አንድ ነገር ነው፤ የቤቱም ኪሳራ ግን ከዚህ ይከተላል። እናትየዋ ችፑድ ትቀዳለች፣ ቆርቆሮ ትገነጥላለች፣ አዲስ ቀዳዳ ታበጃለች። ካልቻለች ደግሞ ሦስት ሬሳ ሕፃን ከሚተኛበት በላይ ይበሰብሳል። ሌሊት መካከል ላይ ተመልሳ እንደገና መውጣቷ ምልክቱ ነበር፤ የምታጠባ እናት እንደዚያ ታደርጋለች። ደብተሩ ላይ ተጽፎ ነበር፣ ያነበበው ግን አልነበረም።

አናጢው ሚስማሩን ነቀለ። በማግሥቱ ምሽት እርምጃው እንደ ቀድሞው ተመለሰ፤ ቀጭኑ ድምፅም በረደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር መርዝ ወይስ ወጥመድ ነበር። ጎረቤቱ «እናንተ ሰዎች አውሬ ልታሳድጉ ነው?» አሉ። ጥያቄያቸው መልስ ይገባዋል፤ ስለ ዶሮዎቻቸው ተጨንቀው እንጂ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም።

ገበያ ላይ የሚሸጡ ብዙዎቹ የአይጥ መርዞች ደም እንዳይረጋ በማድረግ የሚገድሉ ናቸው፤ የሚገድሉትም በዕለቱ ሳይሆን ከቀናት በኋላ ነው። የታመመ እንስሳ ደግሞ የሚሞተው በሚደበቅበት ቦታ ነው። መደበቂያው ኮርኒሱ ነው። ስለዚህ «በሳምንቱ አትሰሙትም» የሚለው እውነት ነው፤ ትሸቱታላችሁ እንጂ አትሰሙትም። ጣሪያ ላይ የተወረወረ ሥጋ የማንን ድመት እንደሚገድል፣ ከጣሪያው ላይ ተንሸራቶ የማን ልጅ እጅ እንደሚገባም የሚያውቅ የለም።

ወጥመድ የዋህ መፍትሔ ይመስላል። ይዞ እንጦጦ ጫካ መልቀቅ ማን ይጠላል? ግን ወጥመድ ውስጥ የገባችው እናት ከሆነች ግልገሎቹ ከላይ ይቀራሉ። የማታውቀው ቦታ የተለቀቀች ሸለምጥማጥ ደግሞ መጠለያ የላትም፤ የደረሰችበት ክልል ሌላ ባለቤት አለው። ቀዳዳው እስካልተዘጋ ድረስ ባዶውን ኮርኒስ ሌላ ይወርሰዋል። ከዚህም በላይ የዱር እንስሳ መያዝና ማዘዋወር እንደ ግል ጉዳይ የሚታይ አይደለም። ሕጉ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ እንስሳው የእናንተ ጣሪያ ላይ ስለተኛ የእናንተ አይሆንም። በእጅ ለመያዝ መሞከርማ ጭራሽ አይታሰብም። የዱር ሥጋ በሊ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታን ሊያስተላልፍ ይችላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

የቀረው መንገድ ሦስተኛው ነው፤ መጠበቅና በሩን ወደ ውጭ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ። ለመጠበቅ ግን ገደብ ነበረ። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮ መንካት አይቻልም፤ ሥራው ከሰኔ ዝናብ በፊት ማለቅ አለበት።

ለጊዜው የሕፃኑ አልጋ ወደ ሌላው ክፍል ሄደ፤ እማማ የራሳቸውን ሳሎን ለቀቁለት። ለሁለቱም ቤት ከባድ ነበር። ከእድፉ ሥር ላስቲክ ተወጠረ። አቮካዶው ግን አልተነካም፤ እናትየዋ የምትመላለስበትን መንገድ ግልገሎች እያሉ መቁረጥ ሌላ ቀዳዳ እንድትፈልግ መግፋት ነው። አንዳንድ ሰው በዚህ ጊዜ ኮርኒሱ ውስጥ መብራት ያበራል፣ ሬዲዮ ይከፍታል። አንዳንዴ ይሠራል፤ የተረበሸች እናት ግልገሎቿን አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ልትሄድ ትችላለች። ብዙ ጊዜ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ይለምዱታል፤ ያረጀ ሽቦ በሞላበት ጣሪያ ውስጥ ደግሞ አደጋው ከጥቅሙ ይበልጣል። እማማ ሬዲዮውን እንኳን «ዜናውን እኔም አልቻልኩት» ብለው ተዉት።

ግንቦት መካከል ላይ ድምፁ ተለወጠ። ቀጭኑ ጩኸት ቀርቶ ሌሊት ሩጫና ትግል ተጀመረ፤ ግልገሎች ይጫወታሉ። ቤቱ በጣም የሚረብሸው በዚህ ጊዜ ነው፤ ግን ወደ መጨረሻው መቃረቡን የሚናገርም ይኸው ነው። ተከራዩ ከቀዳዳው ሥር ባለው ግድግዳ አናት ላይ በየምሽቱ ዱቄት ይነሰንስ ጀመር። ለቀናት አንድ ዓይነት ዱካ ብቻ ነበር፤ የድመት የሚመስል፣ ክብ፣ ጥፍር የማይታይበት። ከዚያ አንድ ጠዋት ትልቁ ዱካ አጠገብ ትናንሽ ዱካዎች ታዩ፤ ሁሉም ወደ ውጭ። በተከታታይ አምስት ጠዋት እንደዚያው ሆነ።

አሁን አናጢው ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ በቀን። ቀዳዳው ላይ ከላይ በኩል በማጠፊያ የተንጠለጠለ ቁራጭ ቆርቆሮ ሰቀለ። ቁራጩ ከቀዳዳው በየጎኑ በሦስት ጣት ይሰፋል፤ ጠርዙ እንዳይቆርጥ ታጥፏል፤ ግራና ቀኙ በጣውላ ተከልሏል። ከውስጥ በግንባር ሲገፋ ይከፈታል፤ ከውጭ ሲመጡ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል፣ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተትም የለውም። ሌሎቹ ጠባብ ክፍተቶች ቀድመው ተዘጉ፤ ይህ ካልተደረገ አንድ ወገን በር ትርጉም የለውም። ለዚህ ተራ የዶሮ ሽቦ አይበቃም፣ ይጎተታል። አናጢው የተበየደ ወፍራም ወንፊት ሽቦ ተጠቅሞ በሚስማር ሳይሆን በብሎን አሰረው። የአቮካዶው ቅርንጫፍም ከጣሪያው ሁለት ሜትር እንዲርቅ ተቆረጠ።

በመጀመሪያው ምሽት በሩ አራት ጊዜ ተንኳኳ። ሌሊት ከውጭ ትንሽ መቧጨር ነበር፤ ከውስጥ ግን ድምፅ አልነበረም። ይህ የውስጥ ጸጥታ ነው ወሳኙ። ከውስጥ ጩኸት ቢሰማ ኖሮ በሩ ወዲያው ይነሣ ነበር። ያም ሆኖ ወዲያው አልዘጉም፤ ሰባት ሌሊት ጠበቁ። ከዚያ ተከራዩ በቀን ክዳኑን ከፍቶ ጥግ ጥጉን በመብራት አየ፤ ቀዳዳው ላይም ጋዜጣ ጨብጦ ለሁለት ሌሊት ሰካ። ጋዜጣው ካልተገፋ ውስጥ ማንም የለም። አልተገፋም። ግንቦት ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ቀዳዳው ለዘለቄታው ተዘጋ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ግን ኩሱና ሽታው ከቀረ ለሚቀጥለው ሸለምጥማጥ «ይህ ቤት ይኖርበታል» የሚል ማስታወቂያ ነው። ጽዳቱም ዘዴ አለው። ደረቅ ኩስ አይጠረግም፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። ተከራዩ አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ጓንት አድርጎ፣ ኩሱን መጀመሪያ በሳሙና ውሃ አራሰው፤ እርጥቡን ለቅሞ በላስቲክ አሰረ። በረኪናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ክዳንና መስኮት ተከፍቶ። ቅደም ተከተሉ ያለምክንያት አይደለም፤ በረኪና ከሽንት ጋር በቀጥታ ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል። ሽንት የጠጣውን ችፑድ ግን ምንም አያድነውም። ያ አንዱ ሉህ ወልቆ በአዲስ ተተካ። ለሁሉም ነገር የወጣው ገንዘብ የአንድ ሉህ ችፑድ፣ የጥቂት ሜትር ሽቦና የአናጢ የሁለት ቀን ዋጋ ነው። እማማ ግማሹን ከፈሉ፣ ተከራዩ ግማሹን።

ታሪኩ ሙሉ በሙሉ አስደሳች መጨረሻ የለውም። ሐምሌ ላይ እውነተኛ አይጦች መጡ። ኩሱ ውስጥ የነበረው የአይጥ አጥንት ማን ሲያጸዳላቸው እንደኖረ ይናገር ነበር። ጎረቤቱ ሽማግሌም አንድ ዶሮ ጠፋባቸው፤ ሸለምጥማጧ ከአካባቢው አልራቀችም ማለት ነው። እማማ የተረፈውን ወንፊት ሽቦ ይዘው ሄደው የዶሮውን ቤት መስኮት አስመቱላቸው፤ ማታ ማታም በሩ እንዲዘጋ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ዶሮ አልጠፋም።

መርዙ ግን አሁንም አለ። እማማ ለባለቤታቸው ሊመልሱላቸው ሲሉ ሽማግሌው «ለአይጦቹ ይሁናችሁ» አሏቸው። እሳቸው ግን አልተጠቀሙበትም። ሸለምጥማጧ የተመረዘ አይጥ ብትበላ ምን እንደሚሆን የእህታቸው ልጅ ነግሯቸዋል። በምትኩ ያቺን በውሰት የመጣች ድመት እንደገና አስመጧት። በዚህ ጊዜ አልሄደችም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን የመጀመሪያው ጥያቄያችን «በምን ላጥፋው?» ነው። የዚያ ግቢ ሰዎች ሊከስሩ የተቃረቡት ይህን ጥያቄ አስቀድመው በጠየቁበት ሁለት ጊዜ ነበር፤ አንዴ በመርዝ፣ አንዴ በሚስማር። የተሳካላቸው «ማን ነው? ስንት ነው? መቼ ይወጣል?» ብለው የጠየቁ ጊዜ ነው። ለዚህ ያስፈለጋቸው አንድ ደብተር፣ እፍኝ ዱቄትና የሁለት ወር ተኩል ትዕግሥት ብቻ ነበር። ሕፃኑ ወደ ክፍሉ ተመልሷል፤ አልጋውም የቀድሞ ቦታው ላይ ነው።